ከንግድ ትርዒት በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ለገዢ ምን ይላካል? ቴሌግራም፣ ስልክ፣ ኢሜይል ወይስ ፕሮፎርማ?

ይህ መመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ በኤክስፖ ወይም በባዛር ቡዝ ይዘው ለድርጅቶች ለሚሸጡ ሰዎች ነው። ምሳሌው አንድ ይሁንና እስከ መጨረሻው እንከተለው። የካርቶን ማሸጊያ የሚያመርት ድርጅት ሚሊኒየም አዳራሽ ውስጥ ቡዝ ይዟል። ቅዳሜ 10 ሰዓት ገደማ የፓስታ ፋብሪካ የምርት ክፍል ኃላፊ መጥተው ናሙናውን አገላብጠው አዩ። «የእኛ ካርቶን መጋዘን ውስጥ ታች ያለው እየተጨፈለቀ አስቸግሮናል» አሉ፣ ቢዝነስ ካርዳቸውን ሰጡና ሄዱ። እሳቸው ከቡዙ ሲርቁ ሻጩ እጅ ላይ የቀረው አንድ ካርድና አንድ አረፍተ ነገር ነው። ጥያቄው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ምን፣ በምን በኩልና መቼ ይላክ የሚለው ነው።

ሁለቱ ቀን ከመቼ ይቆጠራል?

ብዙ ድርጅት ትርዒቱ እስኪዘጋ ይጠብቃል። ቡዙ ይፈርሳል፣ ዕቃው ይጫናል፣ አንድ ቀን ይታረፋል፣ ከዚያ ካርዶቹ ተሰብስበው ለጸሐፊ ይሰጣሉ። ትርዒቱ ከሐሙስ እስከ ሰኞ ከሆነ ሐሙስ የመጣው ሰው መልእክት የሚደርሰው በሳምንቱ ነው። በዚያን ጊዜ ሰውየው ከሌሎች ሁለትና ሦስት ካርቶን አምራቾች ብሮሹር ሰብስቧል፤ የማን ቡዝ ላይ ምን እንዳወራም ተደበላልቆበታል። ስለዚህ ሁለቱ ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ሰው ጋር ከተነጋገራችሁበት ሰዓት ነው። የትርዒቱ መዝጊያ ከዚህ ቁጥር ጋር ግንኙነት የለውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ለተገናኛችሁት ሰው ሦስት ምርጫ አለ፦ ቅዳሜ ማታ፣ እሑድ ወይም ሰኞ። ቅዳሜ ማታ መላክ ጥቅሙ ፊታችሁ ገና አለመረሳቱ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ በዚያ ሰዓት የሚጻፈው ነገር ከምስጋና አያልፍም፣ ሰውየውም ቤቱ ነው። እሑድ የሥራ መልእክት መላክ የሚያስቀይመው ሰው ብዙ ነው፤ ባያስቀይም እንኳ ሰኞ ጠዋት ከሌሎች መልእክቶች ሥር ተቀብሮ ይገኛል። የተሻለው ሰኞ ጠዋት ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ በፊት ሰዎች ስብሰባ ላይ ወይም የምርት መስመሩን ሲያስነሱ ነው የሚገኙት። ሐሙስ ወይም ዓርብ ለተገናኛችሁት ግን ሰኞን አትጠብቁ። የሐሙሱ ዓርብ ጠዋት፣ የዓርቡ ቅዳሜ ረፋድ ይላክለት፤ ብዙ የግል ድርጅት ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ይሠራል። ዓርብ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ያለውን ጊዜ ተዉት፤ የጁምዓ ሰዓት ነው፣ የምሳ እረፍቱም ይረዝማል።

ይህ እንዲሳካ ቡዙ ገና ሳይፈርስ፣ በየምሽቱ፣ ካርዱ ጀርባ ላይ ሦስት ነገር መጻፍ አለበት፦ ሰውየው በራሱ አፍ ያለው ችግር፣ እናንተ የገባችሁት ቃል፣ ሌላ የሚጠየቅ ሰው ካለ (ግዢ ክፍል፣ ባለቤት፣ ኢንጂነር)። «ጥሩ ደንበኛ፣ ይደወልለት» የሚል ማስታወሻ ሰኞ ጠዋት ምንም አይረዳም። «ታችኛው ካርቶን ይጨፈለቃል፤ ፓስታ፤ ግዢ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው» የሚለው ግን መልእክቱን ራሱ ይጽፈዋል።

በምን በኩል?

ቴሌግራም ለአብዛኛው የአገር ውስጥ ገዢ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቡዝ ላይ ያገኛችሁት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገዢው ራሱ አይደለም፣ ለገዢው የሚያስተላልፍ ሰው ነው። የምርት ኃላፊው መልእክታችሁን በአንድ ጣት ለግዢ ክፍል ፎርዋርድ ያደርገዋል። ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፦ የድርጅታችሁ ስም፣ የጻፈው ሰው ስምና ስልክ ቁጥሩ በጽሑፉ ውስጥ መኖር አለበት። ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት ላይ የላኪው ስም ቢታይም፣ የአካውንቱ ፕራይቬሲ ከተዘጋ ስሙን ነክቶ ወደ እናንተ መድረስ አይቻልም። ግዢ ክፍሉ «ማን ነው ይሄ?» ብሎ ይተወዋል።

ቴሌግራም ሦስት ወጥመድ አለው። አንደኛ፣ ካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ስትፈልጉ «ቴሌግራም የለውም» የሚል ውጤት ከመጣ እውነት ላይሆን ይችላል፤ ሰውየው በቁጥሩ እንዲገኝ የፈቀደው በስልኩ ለመዘገባቸው ሰዎች ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ አንድ ምልክት ማለት መልእክቱ ተልኳል፣ ሁለት ምልክት ማለት ተነቧል ነው። ዋትስአፕ ላይ ግን ሁለት ግራጫ ምልክት መድረሱን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ሁለቱን እያቀላቀለ «አይቶ ዘጋኝ» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ሦስተኛውና ከባዱ፣ አንዱን ጽሑፍ ኮፒ እያደረጉ በአንድ ምሽት ለሰማንያ አዲስ ቁጥር መላክ ነው። ስልካቸው ላይ ላልተመዘገበ ሰው መልእክቱ «ስፓም» ብሎ ሪፖርት ከማድረጊያ ቁልፍ ጋር ነው የሚመጣው። ጥቂቶቹ ከነኩት አካውንቱ ይታገድና እርስ በርስ ከተመዘገባችሁት ሰው ውጭ ለማንም አዲስ ሰው መጻፍ አይችልም፤ ያውም ከትርዒቱ ማግስት፣ በጣም በምትፈልጉበት ሰዓት። መታገዳችሁን `@SpamBot` ከፍታችሁ `/start` ብትሉት ይነግራችኋል። በነገራችን ላይ የተላከ መልእክት ላይ ስሕተት ካያችሁ ቴሌግራም እስከ 48 ሰዓት ድረስ ማስተካከል ይፈቅዳል፤ ግን «ኤዲት ተደርጓል» የሚል ምልክት ስለሚተው ዋጋ ለመቀየር አትጠቀሙበት።

ቁጥሩ በቴሌግራም ካልተገኘ ኤስኤምኤስ ይቀራል። እዚህ ላይ የፊደላችን ጉዳይ አለ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ሲይዝ፣ በአማርኛ የተጻፈው ክፍተቱና ነጥቡ ሳይቀር 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ከዚያ ካለፈ ይቆራረጣል፣ እያንዳንዱ ቁራጭም 67 ይይዛል። ስለዚህ ኤስኤምኤስ ማብራሪያ የሚጻፍበት አይደለም፤ ወደ ሌላ ቦታ የሚያሻግር ነው፦

> ሰላም አቶ እገሌ፣ ቅዳሜ ሚሊኒየም አዳራሽ ስለ ፓስታ ካርቶን ያወራን ነን። ዝርዝሩን በቴሌግራም እንላክልዎ?

ይህ 68 ነው። የድርጅቱ ስም ሲጨመርበት ወደ ሁለት ቁራጭ ይዘልቃል፤ ከሁለት እንዳያልፍ ብቻ ተጠንቀቁ።

ስልክ መደወል ለብዙ ሻጭ «ዋናው» ይመስለዋል። ሰውየው ቡዝ ላይ «ሰኞ ደውልልኝ» ካለ፣ ወይም በዚያው ሳምንት የሚወስኑት ግዢ ካለ፣ አዎ፣ ከሁሉም ይበልጣል። ካላለ ግን የመጀመሪያው ግንኙነት ስልክ መሆኑ ሁለት ችግር አለው። የማይታወቅ ቁጥር ስለሆነ አይነሳም፤ ቢነሳም ሰውየው ማሽን አጠገብ ቆሞ «እሺ፣ እሺ፣ ፕሮፎርማ ላክ» ብሎ ይዘጋል። «ፕሮፎርማ ላክ» ብዙ ጊዜ በትሕትና መሸኛ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ወሬው ለግዢ ክፍል ፎርዋርድ አይደረግም። ስልክ ሁለተኛ ሲሆን ነው የሚሠራው፤ መልእክቱ ተነቦ መልስ ሲዘገይ።

ኢሜይልን የሚመርጡት መደበኛ የግዢ ሥርዓት ያላቸው ድርጅቶች ናቸው፦ ባንኮች፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ የውጭ ባለቤት ያላቸው ፋብሪካዎች፣ ትልልቅ ሆቴሎች። ካርዱ ላይ የድርጅቱ ዶሜይን ያለው አድራሻ ካለና ሰውየው ከግዢ ክፍል ከሆነ ኢሜይል ይቀድማል፤ ፋይል ይደረጋል፣ ከኃላፊ ወደ ኃላፊ ሲሄድ ታሪኩ አብሮት ይሄዳል። ካርዱ ላይ ያለው አድራሻ ጂሜይል ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም የማይከፍተው ነው፤ ወደ ቴሌግራም ተመለሱ።

የኢሜይል ትልቁ አደጋ ስፓም ውስጥ መውደቅ ነው፤ ላኪው አያውቀውም። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ወዲህ ጂሜይልና ያሁ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጡ መዝገቦችን አጥብቀው ይፈትሻሉ። ዌብሳይት የሠራላችሁ ሰው ኢሜይሉን ከፍቶ እነዚህን መዝገቦች ሳያስገባ ከተወው፣ ከ`info@` የምትልኩት ሁሉ ወደ ስፓም ሊሄድ ይችላል። መፈተሻው አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከድርጅቱ አድራሻ ወደ ራሳችሁ ጂሜይል ላኩ፣ በኮምፒውተር ክፈቱት፣ ሦስቱን ነጥብ ነክታችሁ `Show original` በሉ። `SPF` እና `DKIM` ትይዩ `PASS` ካለ ደህና ነው፤ `FAIL` ካለ ወይም መስመሩ ጭራሽ ከሌለ ከትርዒቱ በፊት ይስተካከል። ሁሉንም ገዢ አንድ ላይ በስውር ኮፒ አስገብቶ መላክም ያው ስፓም ነው፤ ከባዱ ካታሎግም ከ25 ሜጋባይት ካለፈ ጂሜይል በቀጥታ አያያይዘውም።

ዋትስአፕ ገዢው የውጭ አገር ሰው ወይም ከገልፍ የመጣ ነጋዴ ከሆነ ቦታው ነው። እዚሁ ላለው ፋብሪካ ሰውየው ራሱ ካልመረጠው አያስፈልግም።

የቀረው ማህተም ያረፈበት ፕሮፎርማ በፖስታ ይዞ በአካል መሄድ ነው። የታሸገ ፕሮፎርማ ጠይቀው የመዝጊያ ቀን ከነገሯችሁ ሌላ መንገድ የለም፤ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። ሳይጠሩ መሄድ ግን ጥበቃ በር ላይ ያስቀራል፤ ፖስታው ለማን እንደደረሰም አይታወቅም።

ምን ይባል? ምስጋና፣ ጥያቄ ወይስ ዋጋ

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሻጭ የሚሳሳተው፤ መንገዱን ከመምረጥ ይልቅ ይዘቱ ነው ውጤቱን የሚለየው።

የመጀመሪያው ዓይነት ምስጋና ነው፦ «ቡዛችንን ስለጎበኙ እናመሰግናለን፣ የድርጅታችንን ፕሮፋይል አያይዘናል»። ለመጻፍ ቀላል ነው፣ ለሁሉም ይሆናል፤ ለዚያው ለሁሉም ስለሚሆን ነው የማይመለስለት። ሰውየው ምን ብሎ ይመልስ? «እኔም አመሰግናለሁ» ካለ አለቀ። ይህን ዓይነት ምንም ችግር ሳይነግሯችሁ ካርድ ብቻ ጥለው ለሄዱት ተዉት፤ ለእነሱ ከዚህ በላይ ማለት ፈጠራ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ በተቃራኒው ጫፍ፣ ወዲያው ዋጋ መላክ ነው። ፈጣንና ቁም ነገረኛ ያስመስላል። ግን የካርቶን ዋጋ ያለ አምስት መረጃ አይወጣም፦ የውስጥ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት፤ ስንት ፕላይ ወይም የወረቀት ንብርብር እንዳለው፤ የሚይዘው ክብደት፤ የሕትመቱ ቀለም ብዛት፤ በአንድ ጊዜ የሚታዘዘው መጠን። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሻጩ ይገምታል፣ ግምቱም ራሱን ለመጠበቅ ወደ ላይ ነው። ያ ቁጥር በሦስት ፕሮፎርማ ንጽጽር ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል፤ በኋላ ብታስተካክሉት እንኳ የሚታወሰው የመጀመሪያው ነው።

ግምቱ የት እንደሚያስት ሁለት ምሳሌ ይበቃል። የሕትመቱ ክሊሼ፣ ማለትም ጽሑፉና ሥዕሉ የሚታተምበት ቅርጽ፣ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው። 12,000 ብር ፈጀ እንበል፤ ትእዛዙ 2,000 ካርቶን ከሆነ በእያንዳንዱ ላይ 6 ብር ይጨምራል፣ 20,000 ከሆነ ግን 60 ሳንቲም ነው። መጠኑን ሳያውቁ በካርቶኑ ዋጋ ውስጥ መደበቅ አንዱን ያስወድዳል፣ ሌላውን ያከስራል። ልኩም እንደዚሁ ነው። ገዢው «40 በ30» ሲል የለካው ከውጭ ሊሆን ይችላል። ባለ 5 ፕላይ ግድግዳ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ በሁለቱ ጎን ሲደመር ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። የውጭው ልክ እንደ ውስጥ ተቆጥሮ ከተቆረጠ ፓኬቱ ካርቶኑ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ይሄዳል፣ ባዶው ቦታም ግድግዳውን ብቻውን እንዲሸከም ያደርገዋል። በተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይገባም።

ስለዚህ ዋጋ በሁለት ቀን ውስጥ የሚላከው አምስቱም መረጃ ቡዝ ላይ ተሰጥተው ከሆነ ብቻ ነው። ሲላክም ዋጋው የሚጸናበት ቀን በግልጽ ይጻፍ። የውጭ ምንዛሪው ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ፣ ከውጭ በሚመጣ ወረቀት ለሚሠራ ሰው ቀን የሌለው ፕሮፎርማ ዕዳ ነው። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ መካተት አለመካተቱም በአንድ መስመር ይነገር፤ ካልተነገረ ንጽጽሩ ላይ ማን እንደረከሰ በስሕተት ይወጣል፣ ያለ ታክስ የጻፈውም ያለ አግባብ ያሸንፋል ወይም በኋላ ይጣላል።

ሦስተኛው፣ ለእኛ የፓስታ ፋብሪካ ሰው የሚሆነው፣ የነገሩንን ችግር ተቀብሎ አንድ ጠቃሚ ነገር የሚመልስና አንድ ጥያቄ የሚጠይቅ መልእክት ነው። ጥያቄው ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ማንንም ሳያማክር በአንድ ቃል የሚመልሰው መሆን አለበት። «አምስቱን መረጃ ሞልተው ይላኩልን» ብሎ ቅጽ መላክ ግን ሥራ መጨመር ነው፤ ቅጹ ለነገ ይባላል፣ ነገ ደግሞ አይመጣም።

መልእክቱ እንዴት ይወጣል?

መጀመሪያ ስሌቱ። ግማሽ ኪሎ ፓስታ 20 ፍሬ የሚይዝ ካርቶን ከነራሱ ክብደት ወደ 10.5 ኪሎ ይመጣል። መጋዘን ውስጥ 8 ደርብ ከተደረደረ ከታችኛው ላይ 7 ካርቶን ይቀመጣል፤ 73.5 ኪሎ ማለት ነው። ታችኛው ካርቶን ግን 73.5 ኪሎ ብቻ የሚችል ሆኖ ቢሠራ አይበቃውም። ወረቀት እርጥበት ሲያገኘው ይደክማል፣ ሸክም ላይ ሳምንታት ሲቆይም ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ማዕዘኑ በማዕዘን ላይ ካላረፈም ሌላ ይቀንሳል። ስለዚህ ሦስት ወይም አራት እጥፍ ይያዛል፤ ከ220 እስከ 295 ኪሎ አካባቢ የሚችል ካርቶን ያስፈልጋል። ደርቡ 5 ቢሆን ግን ሸክሙ 42 ኪሎ ነው፣ ሌላ ካርቶን ይሆናል። ሁሉም ነገር በደርቡ ቁጥር ላይ የቆመ መሆኑ ስለታየ የሚጠየቀው እሱ ነው።

> ሰላም አቶ እገሌ፣ እንደምን አደሩ። ቅዳሜ ከሰዓት ሚሊኒየም አዳራሽ ቡዛችን ላይ ስለ ፓስታ ካርቶን ያነጋገርኩዎት እኔ ነኝ፤ (ስም)፣ ከ(ድርጅት) ካርቶን፣ ስልክ 09…
>
> ታች ያለው ካርቶን እየተጨፈለቀ እንዳስቸገራችሁ ነግረውኝ ነበር። ባለ 20 ፍሬው ሞልቶ ወደ 10 ኪሎ ተኩል ይመጣል፤ 8 ደርብ ከሆነ ታችኛው ከ70 ኪሎ በላይ ይሸከማል ማለት ነው። ባለ 5 ፕላይ ማድረግ አንዱ መፍትሔ ነው፣ ግን ዋጋ ይጨምራል፤ ሳላይ አድርጉት አልልዎትም።
>
> መጋዘን ውስጥ ስንት ደርብ ነው የሚደረደረው? ከተጨፈለቁት የአንዱን ፎቶ ቢልኩልኝ ደግሞ እስከ ረቡዕ ሁለት አማራጭ እልክልዎታለሁ።

ፎቶው በከንቱ አይደለም የተጠየቀው። ማዕዘኖቹ ከታጠፉና ግድግዳው ወደ ውጭ ካበጠ ሸክሙ ነው የበዛው። ካርቶኑ በሙሉ ለስልሶ ከተኛ እርጥበት ነው፤ ከሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ በፓሌት ሊስተካከል የሚችል ችግር ላይ ባለ 5 ፕላይ መሸጥ ደንበኛን ከሁለተኛው ትእዛዝ ያስቀራል። የታችኛው ክዳን ብቻ ከተቀደደ ደግሞ ጥፋቱ የፕላስተሩ ወይም የአያያዙ ነው። መልእክቱ ውስጥ «ሳላይ አድርጉት አልልዎትም» የሚለው ሐረግ የገባው ለዚህ ነው፣ እውነትም ስለሆነ ነው።

መልእክቱን የሚልከው ቡዙ ላይ ያነጋገራቸው ሰው ይሁን፤ የአካውንቱ ፎቶም ከሎጎ ይልቅ የሰውየው ፊት ቢሆን ይሻላል፣ የሚታወሰው ፊቱ ነው። ድርጅቱ የጋራ አካውንት ብቻ ካለው «ያነጋገርኩዎት» ማለት አይቻልም፤ «ያነጋገረዎት እገሌ ነው፣ የምጽፍልዎ በእሱ ስም ነው» ይባል። ፕሮፋይልና ካታሎግ አብሮ አይያያዝ። ኃላፊው ከፈለገ ይጠይቃል፤ ሳይፈልግ ከመጣ ግን ያችን አንድ ጥያቄ ከእይታ ይገፋታል።

አጠራር

ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ብዙ ጊዜ ያስቀይማል። የጎብኚዎችን ዝርዝር በኤክሴል አስገብተው ሰላምታውን በራሱ እንዲሞላ የሚያደርጉ ድርጅቶች አሉ። አብነቱ ለፈረንጅ የተሠራ ስለሆነ የመጨረሻውን ስም ይወስድና «ውድ አቶ» ብሎ የአባታቸውን ስም ይጽፋል። ሰውየው አባቱ እየተጠሩ መልእክት ሲደርሰው በማሽን የተላከ መሆኑን ከመጀመሪያው መስመር ያውቃል። ዝርዝሩ ላይ ለብቻው «መጠሪያ» የሚል ዓምድ ከፍታችሁ በእጅ ሙሉት።

ሴት ከሆኑና ወይዘሮ ይሁኑ ወይዘሪት ካላወቃችሁ አትገምቱ፤ ካርዱ ላይ ኢንጂነር ወይም ዶክተር የሚል ካለ እሱን ውሰዱ፣ ከሌለ ስማቸውን ብቻ ጽፋችሁ በ«እርስዎ» ቀጥሉ። ቡዝ ላይ ተሳስቃችሁ «አንተ» የተባባላችሁት ወጣት እንኳ ቢሆን በጽሑፍ «እርስዎ» ይሁን፤ መልእክቱ ለአለቃው ፎርዋርድ ሊደረግ ነውና።

ስንት ሰው ጋ ይደርሳል?

እንዲህ ያለ መልእክት ስሌቱ ተጨምሮበት አንዱ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ከትርዒት የሚሰበሰብ ካርድ ግን ስልሳና ሰማንያ ሊሆን ይችላል። ለሁሉም እኩል ልሥራ የሚል ሰው በሁለት ቀን አይደርስም፣ ወደ ምስጋናው ጽሑፍም ይመለሳል። ካርዶቹን በሦስት ክፈሏቸው። ችግሩን ወይም መጠኑን በአፉ የተናገረ ሁሉ ከላይ ያለውን ዓይነት መልእክት ያግኝ፤ አሥራ ሁለትና አሥራ አምስት ከሆኑ ከሁለት ሰዓት ተኩል አያልፍም። ቀን ቆርጦ ዋጋ የጠየቀ ከሁሉም ይቅደም፣ በመልእክትም በስልክም። ካርድ ብቻ የጣለው በሦስተኛው ቀን አጭር ምስጋና ቢደርሰው የሚጎዳ ነገር የለም፤ ያውም በጥቂት በጥቂቱ ይላክ፣ ከላይ ስለ ቴሌግራም እገዳ የተባለው እንዳይደርስ።

መልስ ሲመጣና ሳይመጣ

ሰኞ ጠዋት የተላከው ሁለት ምልክት አሳይቶ እስከ ረቡዕ ዝም ካለ፣ ረቡዕ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ተኩል ይደወል። «መልእክቴ ደረሰዎት?» ተብሎ አይጀመር፤ መልሱ «አዎ» ነው፣ ከዚያ ዝምታ። ያችው ጥያቄ በቃል ትጠየቅ፦ «አቶ እገሌ፣ የካርቶኑ ጉዳይ ነው፤ ስንት ደርብ ነው የምትደረድሩት?» ምልክቱ አንድ ብቻ ሆኖ ከቀረ መልእክቱ ገና አልተነበበም፤ ኤስኤምኤሱን ላኩ። ከጥሪው በኋላም ዝም ካሉ ሌላ መልእክት በሳምንቱ አንድ ጊዜ ይበቃል፣ ያውም አዲስ ነገር ካለው።

«8 ደርብ ነው፣ አንዳንዴ 9» የሚል መልስና ማዕዘኑ የታጠፈ ካርቶን ፎቶ ከመጣ ግን አሁን የተቀሩትን መረጃዎች መጠየቅ ይቻላል፤ ሰውየው ወሬው ውስጥ ገብቷል። የውስጡን ልክ፣ የቀለሙን ብዛትና የአንድ ጊዜ ትእዛዙን በአንድ መልእክት ጠይቁ። ልኩን ከመጠበቅ አንድ ባዶ ካርቶን ከሾፌር ጋር ቢላክ ይቀላል፤ ፋብሪካው ራሱ ይለካዋል። ረቡዕ የሚላከው ፕሮፎርማ ሁለት መስመር ይኑረው፦ ባለ 5 ፕላይ እስከ 9 ደርብ፣ ወይም የተሻለ ወረቀት ያለው ባለ 3 ፕላይ ከ6 ደርብ ላለመብለጥ። ክሊሼው ለብቻው፣ ማድረሻው ፋብሪካቸው ድረስ ይሁን ወይስ ከእናንተ በር፣ ቅድሚያ ክፍያው ስንት በመቶ እንደሆነ፣ የማስረከቢያው ቀንም የሚቆጠረው ቅድሚያው ከገባና የሕትመት ናሙናው ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ መሆኑ ይጻፍ። ፋይሉ ፒዲኤፍ ሆኖ እንደ ፋይል ይላክ፤ በፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ስለሚያሳንሰው የማህተሙ ጽሑፍና ትንንሽ ቁጥሮቹ አይነበቡም፣ ግዢ ክፍልም አትሞ ለማያያዝ ሌላ ይጠይቃል።